R² 0.98 እያለ መስመሩ ሲሳሳት፦ የቀሪ ግራፍ እንዴት ይነበባል?

አንድ ብሎን በክር ጫፍ እሰሩ። የክሩን ሌላ ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ብሎኑን ትንሽ ገፋ አድርጉት። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክሩ ሲረዝም ምልልሱ ይዘገያል፣ ሲያጥር ይፈጥናል። አሁን የክሩን ርዝመትና አንድ ምልልስ የሚፈጀውን ጊዜ መዝግበን በሁለቱ መካከል ቀጥተኛ መስመር ብናሰምር ያስኬደናል?

ይህን የፔንዱለም ምሳሌ የመረጥኩት መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ውዝዋዜው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ጊዜው የሚያድገው ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ርዝመቱን በሜትር ከለካን፣ ስኩዌር ሩቱን በ2.006 ስናባዛ ጊዜውን በሰከንድ እናገኛለን። ስለዚህ እውነተኛው ዝምድና ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው። እኛ ግን ይህን ለጊዜው እንርሳውና ቁጥሮቹን ብቻ እንደያዘ ሰው እናስብ። ከታች ያሉትን ጊዜዎች ከዚሁ ቀመር አስልቼ ወደ ሁለት የአስርዮሽ ቤት አጠጋግቻቸዋለሁ።

```
L <- c(0.2, 0.4, 0.6, 0.8, 1.0, 1.2, 1.4, 1.6)
p <- c(0.90, 1.27, 1.55, 1.79, 2.01, 2.20, 2.37, 2.54)
m <- lm(p ~ L)
summary(m)
```

በ R ሶፍትዌር ሪግሬሽኑን ስናስኬደው የሚወጣው መስመር ይህ ነው፦ ጊዜ = 0.80 + 1.14 × ርዝመት። R² ደግሞ 0.98 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «98 በመቶው ተብራርቷል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» ይላል። ነጥቦቹን ከመስመሩ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ብናያቸውም ብዙም አያስደነግጡም። መስመሩን ተጠግተው ነው የሚሄዱት።

ግን R² የሚነግረን መስመሩ ከጊዜው መለያየት ምን ያህሉን እንደያዘ ብቻ ነው። የቀረው 2 በመቶ እንዴት እንደተቀመጠ አይነግረንም። የተቀመጠው እንዲሁ ተበትኖ ነው ወይስ ቅርጽ ይዞ? መስመሩ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን እሱ ነው።

ስለዚህ የቀረውን ለብቻው እናውጣው። በእያንዳንዱ ርዝመት ላይ ከእውነተኛው ጊዜ መስመሩ የሚለውን ጊዜ እንቀንሳለን። የሚተርፈው ቀሪ ይባላል፣ ብዙዎች ሬዚድዋል የሚሉት ማለት ነው። ቀሪው ፖዘቲቭ ከሆነ ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ በታች ነው።

| ርዝመት (ሜትር) | ጊዜ (ሰከንድ) | መስመሩ የሚለው | ቀሪ |
|---|---|---|---|
| 0.2 | 0.90 | 1.03 | −0.13 |
| 0.4 | 1.27 | 1.26 | +0.01 |
| 0.6 | 1.55 | 1.49 | +0.06 |
| 0.8 | 1.79 | 1.71 | +0.08 |
| 1.0 | 2.01 | 1.94 | +0.07 |
| 1.2 | 2.20 | 2.17 | +0.03 |
| 1.4 | 2.37 | 2.40 | −0.03 |
| 1.6 | 2.54 | 2.63 | −0.09 |

የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከታች ይነሳል፣ ይወጣል፣ መሃል ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ገና ግራፍ ሳንሠራ ቅርጹ ታየ። በግራፍ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጎላል፦

```
plot(fitted(m), resid(m))
abline(h = 0)
```

አግድም ዘንጉ ላይ ያለው መስመሩ የሚለው ጊዜ ነው። ቋሚው ዘንግ ላይ ቀሪው አለ። abline ዜሮ ላይ አግድም መስመር ይዘረጋል። ነጥቦቹ ከዜሮ በታች ተነስተው እንደ ድልድይ ቅስት ያልፉና ተመልሰው ከዜሮ በታች ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ግራፍ ላይ ይህ ጉብታ ያልታየን ጊዜው ራሱ ከ0.90 እስከ 2.54 ስለሚዘረጋ ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ 0.1 ሰከንድ ከምንም አይቆጠርም። መስመሩን ስንቀንሰው ግን ዓይናችንን የያዘው ትልቁ ዳገት ይነሳና ትንሹ ነገር ብቻውን ይቀራል። የቀሪ ግራፍ ዋና ሥራው ይህ ነው።

እኔ ስቃኘው የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለ። ግራፉን ወደ ታች በሚወርዱ ሁለት መስመሮች ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ ግራ፣ መሃልና ቀኝ። ከዚያ በየክፍሉ የቀሪዎቹ አማካይ ዜሮ አካባቢ ነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በእኛ ቁጥሮች ግራ ያሉት ሦስቱ አማካያቸው −0.02 ነው። መሃል ያሉት ሁለቱ ወደ +0.07 ይጠጋሉ። ቀኝ ያሉት ሦስቱ −0.03 ናቸው። መስመሩ ልክ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቦታ ላይ ከላይም ከታችም እየተሳሳተ በአማካይ ዜሮ ዙሪያ ይወድቅ ነበር። እዚህ ግን ዳርና ዳር ላይ አብዝቶ ይገምታል፣ መሃል ላይ አሳንሶ ይገምታል። የት እንደሚሳሳት አስቀድመን መናገር ከቻልን ስህተቱ የአጋጣሚ አይደለም። ውሂቡ ውስጥ መስመሩ ያልያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ። «ቀሪዎቹን ደመርኳቸው፣ ዜሮ መጡ። በቀሪዎቹ መሃልም መስመር አሰመርኩ፣ ፍጹም አግድም ሆነ። ስለዚህ ጥሩ ነው» ይላል። በሠንጠረዣችን ያሉትን ስምንት ቀሪዎች ደምሯቸው፣ እነሱም ዜሮ ይመጣሉ። ይህ ግን ስለ ውሂቡ ምንም አይናገርም። መስመሩን ያገኘንበት ስሌት የቀሪዎቹን ካሬ ድምር ወደ ትንሹ የሚያወርድ ነው። ያ ስሌት የቀሪዎቹ ድምር ዜሮ እንዲሆን፣ ከአግድም ዘንጉ ጋርም ምንም ቀጥተኛ ዝንባሌ እንዳይኖራቸው ያስገድዳል። ውሂቡ የቱንም ያህል የተጣመመ ቢሆን ውጤቱ ይኸው ነው። ቀጥተኛ ዝንባሌን መስመሩ ራሱ ጠርጎ ወስዶታል። እኛ የምንፈልገው ከዚያ የተረፈውን ነው፦ ጉብታ፣ ጉድጓድ፣ ሞገድ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚሰበር ነገር።

ሁለተኛው መሰናክል የአግድም ዘንጉ ምርጫ ነው። ቀሪውን ማስቀመጥ ያለብን መስመሩ ከሚለው ዋጋ ወይም ከርዝመቱ አንጻር ነው። አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ሲኖር ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሰጣሉ። አንዳንድ ሰው ግን በስህተት ከተለካው ጊዜ አንጻር ያስቀምጠዋል። ያኔ መስመሩ እንከን ባይኖረውም ግራፉ ወደ ላይ ያዘነብላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ነጥብ በአጋጣሚ ከፍ ብሎ ከተለካ፣ ቀሪውም ከፍ ይላል፣ የተለካው ዋጋም ከፍ ይላል። አንዱ በሌላው ውስጥ ስላለ አብረው ይነሳሉ። በቀሪውና በተለካው ዋጋ መካከል ያለው ኮሪሌሽን ሁልጊዜ ከአንድ ላይ R² ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። R² 0.5 ከሆነ ኮሪሌሽኑ 0.71 ይሆናል። ያን የሚያህል ዝንባሌ ያየ ሰው «መስመሬ ተበላሽቷል» ብሎ ልክ የሆነውን ሥራ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የሌላ ሰው የቀሪ ግራፍ ሲያጋጥማችሁ ቅርጹን ከማየታችሁ በፊት አግድም ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሦስተኛው ደግሞ ዓይናችን ራሱ ነው። ሰው ደመና ውስጥም ፊት ያያል። እንዲሁ የተበተኑ ስምንት ነጥቦች ውስጥም ጉብታ ማየት አይከብደንም። ስለዚህ «እውነት ቅርጽ አለ ወይስ ለእኔ መስሎኝ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ የምወደው መንገድ ቀሪዎቹን በውዝ አድርጎ መልሶ መሳል ነው፦

```
plot(fitted(m), sample(resid(m)))
```

ይህን ደጋግማችሁ አስኪዱት። እያንዳንዱ ግራፍ ቅርጽ ባይኖር ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር በግምት ያሳያል። አሥራ ዘጠኝ ያህል አውጡና እውነተኛውን ከመሃላቸው ደባልቁት። ከዚያ ሥራውን ለማያውቅ ሰው «ከእነዚህ ለየት ያለው የቱ ነው?» በሉት። በዕድል ብቻ እውነተኛውን የማግኘት ዕድሉ ከሃያ አንድ ነው። ሳያመነታ ካነሳው ቅርጹ የእናንተ ምናብ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ፔንዱለማችን እንመለስ። ጉብታው መስመሩ እንደማይበቃ ነግሮናል። ምን እንደሚበቃ ግን አልነገረንም። ብዙ ሰው ወዲያው የሚሞክረው የርዝመቱን ካሬ ሞዴሉ ላይ መጨመር ነው። ይህን ብናደርግ ትልቁ ቀሪ ከ0.13 ወደ 0.03 ገደማ ይወርዳል። ትልቅ መሻሻል ነው። ግን አዲሱን የቀሪ ግራፍ ስናየው ነጥቦቹ ከታች ይነሳሉ፣ ይወጣሉ፣ መልሰው ይወርዳሉ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደገና ይወጣሉ። ጉብታው ሄዶ ሞገድ መጣ። ቀሪዎቹ አንሰዋል፣ ቅርጽ መያዛቸውን ግን አልተዉም።

ርዝመቱን በስኩዌር ሩቱ ብንተካውስ?

```
m2 <- lm(p ~ sqrt(L))
plot(fitted(m2), resid(m2))
```

አሁን የሚወጣው መነሻው 0.00፣ ዳገቱ 2.01 የሆነ መስመር ነው። ከመጀመሪያው ቀመር ጋር ይገጥማል። ቀሪዎቹም ከግራ ወደ ቀኝ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ናቸው። ትልቁ 0.004 አካባቢ ነው። ጊዜዎቹን ወደ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ሳጠጋጋ ልፈጥር የምችለው ትልቁ ስህተት 0.005 ስለሆነ፣ የቀረው የማጠጋጋት ፍርፋሪ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የምናወጣው ነገር የለም።

የመነሻውን ለውጥም ልብ በሉት። የመጀመሪያው መስመር ክሩ ዜሮ ሜትር ሲሆን ምልልሱ 0.80 ሰከንድ ይፈጃል ይለን ነበር። ክር በሌለበት ምን ይወዛወዛል? የቀሪ ግራፍ ላይ ያየነው ጉብታ በሌላ በኩል ብቅ ያለበት ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ የቋሚው ዘንግ መለኪያ ነው። ሶፍትዌሩ ሌላ ካላዘዝነው ነጥቦቹን ግራፉን እስኪሞሉ ድረስ ይለጥጣቸዋል። ስለዚህ ትልቁ ቀሪ 0.13 የሆነበት ግራፍና 0.004 የሆነበት ግራፍ ከሩቅ ሲታዩ እኩል የተበታተኑ ይመስላሉ። አንድ ጊዜ እኔም ሁለት የቀሪ ግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሁለተኛውን «የባሰ» ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። እሱ በጣቱ ቋሚው ዘንግ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ነካ ነካ አደረገልኝ። የእኔ «የባሰ» በሠላሳ እጥፍ የተሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ግራፍ ሳወዳድር ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ነው የምስላቸው፦ plot ውስጥ ylim = c(-0.15, 0.15) ብሎ መጨመር ይበቃል።

እስካሁን የያዝነው ውሂብ በጣም ንጹህ ነበር። በእጃችን ብንለካውስ? ሰው በሩጫ ሰዓት አንድ ምልልስ ብቻ ቢለካ፣ ቁልፉን በመጫን ላይ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊሳሳት ይችላል እንበል። የጉብታችን ቁመት ግን 0.1 አካባቢ ነው። በስምንት ነጥብ ብቻ ጉብታው በዚያ ስህተት ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። የቀሪ ግራፉ እንዲሁ የተበተነ ይመስላል፣ እኛም «መስመሩ ልክ ነው» እንላለን። እውነቱ ግን ልክነቱን አላረጋገጥንም፣ ስህተቱን የማየት አቅም ነው ያጣነው። ስለዚህ ባዶ የሚመስል የቀሪ ግራፍ ሲያጋጥማችሁ የቀሪዎቹን መጠን ከመለኪያችሁ ስህተት ጋር አስተያዩት። መድኃኒቱ አንዳንዴ በጣም ቀላል ነው። አሥር ምልልስ ተከታትላችሁ ለኩና ለአሥር አካፍሉት። ያው 0.2 ሰከንድ ስህተት ለአሥር ተካፍሎ 0.02 ይሆናል። ያኔ 0.1 የሚሆነው ጉብታ ብቅ ይላል።

ሌላም ቅርጽ አለ፣ እዚህ ሰፊ ቦታ ባልሰጠውም ከጉብታ ጋር እንዳይምታታ ማንሳት አለብኝ። አንዳንዴ ቀሪዎቹ በዜሮ ዙሪያ ሚዛናቸውን ጠብቀው፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ግን እንደ መለከት አፍ እየሰፉ ይመጣሉ። ሦስቱን ክፍሎች ብንፈትሽ አማካዩ የትም ቦታ ዜሮ አካባቢ ነው። የሚለያየው ስፋቱ ነው። ይህ መስመሩ ተጣሟል ማለት አይደለም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ልክ ሊሆን ይችላል። የሚበላሸው ሶፍትዌሩ ከመስመሩ ጋር የሚሰጠን የእርግጠኝነት ስሌት ነው፣ ምክንያቱም መበታተኑ በሁሉም ቦታ እኩል ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ይህን ያየ ሰው ኩርባ ፍለጋ ከሄደ ያልታመመውን ነው የሚያክመው።

በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ መስመሩ «የት» ነው ልክ የሆነው የሚለው ነው። ከስምንቱ ርዝመቶች የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ እንውሰድ፦ ከ1.0 እስከ 1.6 ሜትር። በእነዚህ ላይ መስመር ብናሰምር ጊዜ = 1.14 + 0.88 × ርዝመት ይወጣል። ቀሪዎቹ −0.006፣ +0.008፣ +0.002 እና −0.004 ናቸው። ጥርት አድርጎ ላየው ሰው ጉብታው አሁንም አለ፣ ዳርና ዳሩ ከታች፣ መሃሉ ከላይ ነው። ግን ቁመቱ ከአንድ ሰከንድ አንድ መቶኛ አይሞላም። አሥር ምልልስ ለክተን እንኳን 0.02 የምንሳሳት ሰዎች ብንሆን፣ በዚህ ክልል ውስጥ ይህ መስመር ይበቃናል። ዝምድናው ጎባጣ መሆኑን እያወቅሁም እጠቀምበታለሁ።

ያው መስመር ለ4 ሜትር ክር 4.66 ሰከንድ ይላል። ስምንቱንም ነጥብ ይዞ የተሠራው የመጀመሪያው መስመር 5.36 ይላል። ክሩ በእርግጥ የሚወስደው 4.01 ሰከንድ ነው። ከሁለቱ የቀሪ ግራፎች አንዱ ጉብታውን ጮክ ብሎ ነግሮን ነበር፣ ሌላኛው ደግሞ በሹክሹክታ። ሁለቱም ግን ከ1.6 ሜትር በኋላ አንድም ነጥብ የላቸውም፣ ስለዚያ ስለ 4 ሜትሩ የሚያሳዩን ቀሪም የለም።